31 ጠብታ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተሰቀለ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ነው። በስምንት ሰዓት ውስጥ ገብቶ ማለቅ ነበረበት። 10 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ነርስ ዋርዱን ለቀጣዩ ፈረቃ ስታስረክብ ቀና ብላ ከረጢቱን አየችው፤ ሩብ ሊትር ያህል ቀርቷል። መስመሩ አልተዘጋም፣ ካኑላው ከቦታው አልወጣም፣ በሽተኛውም ክንዱን አላጠፈም። የሰቀለው ለክሊኒካል ልምምድ የመጣ ተማሪዬ ስለነበር ጠራሁት።

«በደቂቃ ስንት ጠብታ ላይ ነው ያስተካከልከው?»

«31 ላይ፣ ሲስተር።»

«31ን ከየት አመጣኸው?»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ቪዲዮው ላይ 31 ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

እውነቱን ነበር። በሽተኛው ምንም አልሆነም፤ ፈሳሹ ዘግይቶ ገባለት እንጂ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ በኩራት ያዘጋጀሁትን ሞጁል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ስመለከት አመሸሁ። ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎች ታስቦ የተሠራ፣ በሜሞሪ ካርድ የሚዞር፣ ባልደረቦቼም «ጥሩ ነው» ያሉት ሞጁል ነበር። ስህተቷም የተደበቀችው እዚያው ጥሩ ነው በተባለው ነገር ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ በከረጢት የተንጠለጠለውን ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል፤ እኛም እንበለው። ግሉኮስ ከከረጢቱ ወደ ደም ሥር የሚወርድበት ቱቦ አይቪ ሴት ይባላል። ቱቦው ጫፍ ላይ ጠብታው የሚታይባት ትንሽ ግልጽ ክፍል አለች። የጠብታው መጠን ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በአንዱ አይቪ ሴት 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሌላው 15 ጠብታ ይበቃል፤ ለሕፃናት በሚውለው ደግሞ 60 ጠብታ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ታትሟል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የፈሳሹ መጠን በዚህ ቁጥር ይባዛል፣ ከዚያ ለደቂቃዎቹ ይካፈላል። 1000 ሚሊ ሊትር በስምንት ሰዓት፣ ማለትም በ480 ደቂቃ ይግባ ከተባለ፣ በባለ 20ው 42 ጠብታ በደቂቃ ይሆናል፤ በባለ 15ቱ ደግሞ 31። እኔ ቪዲዮውን የቀረጽኩት ስኪል ላባችን ውስጥ በነበረው ባለ 15 አይቪ ሴት ነው። ዋርዱ የሚጠቀመው ባለ 20ውን ነበር። ተማሪዬ 31 ላይ ሲያስተካክለው ፈሳሹ 11 ሰዓት ሊጠጋ ይጓዛል።

ቪዲዮው ላይ ማሸጊያውን ለካሜራው አሳይቻለሁ። «እዚህ ላይ አንብቡ» ብያለሁ። ነገር ግን ፋይሉ እንዲቀል ብዬ ጥራቱን ዝቅ ሳደርገው ጽሑፉ ደበዘዘ። ተማሪው ማንበብ አይችልም፤ መስማት ብቻ ነው የሚችለው፤ የሰማውም «31» የምትለዋን ቃል ነው።

ቅይጥ ትምህርት ማለት ከፊሉን ተማሪው በራሱ ጊዜ፣ ከፊሉን ከአስተማሪው ጋር ፊት ለፊት የሚማርበት አሠራር ነው። ብዙ ኮሌጅ ውስጥ የሚታየው ግን የክፍሉን ስላይድ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ መጫንና ስሙን መለወጥ ነው። ስላይዱ ድሮም ያለ አስተማሪው ማብራሪያ የማይገባ ነበር፤ አሁን ማብራሪያው ተወስዶ ስላይዱ ብቻ ተላከ።

በነገራችን ላይ ቅይጥ ትምህርት የግድ ኢንተርኔት አይፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ደረጃ ለማሳደግ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር ያዘጋጃቸው 13 ሞጁሎች በወረቀት የሚታተሙ ነበሩ። ንባቡ በየቤቱ፣ የእጅ ሥራው በተግባር ልምምድ ይካሄድ ነበር። ኬንያም በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአምሬፍ አማካይነት 22 ሺህ ገደማ የሰርተፊኬት ነርሶችን ወደ ዲፕሎማ ለማሳደግ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ስትጀምር፣ ሐሳቡ ነርሶቹ ሥራቸውን ሳይለቁ እንዲማሩ ነበር። የአዋላጆች መማሪያ የሆነው የዴንማርኩ «ሴፍ ዴሊቨሪ» መተግበሪያም፣ ወለጋ ውስጥ የተሞከረው፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሁሉም የተነሡት ኔትወርኩ ይኖራል ከሚል ተስፋ አይደለም።

እኛም ከዚያ ብንነሣ ይሻላል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር፤ በ2015 ነሐሴ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ወራት ቆይቷል። ይህ ባይኖር እንኳ ተማሪው ፓኬጅ የሚሞላው በወር አንዴ ነው፤ ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ ኔትወርክ የሚያገኘው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ስለዚህ አሁን የምከተለው ሕግ አንድ ነው፦ ሞጁሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ኢንተርኔት ቢገኝ ያፋጥናል፤ ባይገኝ ምንም አይቆምም።

ዲዛይኑን የምጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ከተማሪው እጅ። በመጨረሻ እጁ ምን ማድረግ መቻል አለበት? ከረጢቱን ይሰቅላል፣ ትንሿን ክፍል እስከ ግማሽ ይሞላል፣ ከቱቦው አየሩን ያስወጣል፣ ሰዓት ይዞ ጠብታ ይቆጥራል፣ ተሽከርካሪዋን በአውራ ጣቱ እያንከባለለ 42 ላይ ያቆማል። ይህን ማንም በስልክ ሊያስተምረው አይችልም፤ ስለዚህ የፊት ለፊቱ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ይቀመጣል። ለምን እንደሚሰላ፣ እንዴት እንደሚሰላ፣ ምን ሲሆን አደጋ እንዳለው፣ እነዚህ ግን መጓዝ ይችላሉ። ወደ ተማሪው ይሂዱ።

የሚጓዘው ነገር ክብደት አለው፤ ክብደቱም በሜጋባይት ይለካል። በስልክ በሙሉ ጥራት የተቀረጸ ቪዲዮ በደቂቃ ወደ 100 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 12 ደቂቃው ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል ማለት ነው። ስልኩ በፎቶና በመዝሙር የተጨናነቀ ተማሪ ይህን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ጥራቱን ወደ 360 ብናወርደው በደቂቃ 2 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 12 ደቂቃውን በሦስት በሦስት ደቂቃ አራት ቦታ ብንከፍለው እያንዳንዱ 7 ሜጋባይት አይሞላም። አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሌሎቹ ይተርፋሉ፤ ተማሪውም አየር የማስወጣቱን ክፍል ብቻ ደጋግሞ ማየት ይችላል። ድምፅ ብቻ ከሆነ 12ቱም ደቂቃ ከ3 ሜጋባይት በታች ነው።

ግን 31ን የወለደው ይኸው ማቅለል ነበር። ማቅለል ጽሑፍን ይገድላል፤ እንቅስቃሴን ግን ብዙም አይጎዳም። ጠብታ ሲወርድ በ360 በደንብ ይታያል፤ ማሸጊያ ላይ ያለች ቁጥር አትታይም። ስለዚህ እንቅስቃሴ የሆነውን በቪዲዮ፣ የሚነበበውን በፎቶ ወይም በወረቀት እናደርጋለን። እኔ ደግሞ አንድ ደረጃ ወረድኩና እውነተኛውን ማሸጊያ ሰጠኋቸው። አይቪ ሴት ሲከፈት ውጪው ማሸጊያ ይጣላል። ከስኪል ላብ ለጥቂት ሳምንታት ሰብስቤ፣ ንጹሕ ንጹሑን መርጬ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከወረቀቱ ጋር በስቴፕለር አያያዝኩለት። ለአንዱ ባለ 15፣ ለሌላው ባለ 20፣ ለሦስተኛው ባለ 60 ደረሰው። ምንም ወጪ አልጠየቀም፤ የጽዳት ሠራተኛችን ብቻ ምን እንደሚነካኝ እየተገረመች ነበር።

ወረቀቱ አራት ገጽ ነው፤ የሞጁሉ አከርካሪም እሱ ነው። ቪዲዮው ቢጠፋ በወረቀቱ መማር ይቻላል። «ክፍል 2ን ተመልከት፤ ጠብታው መውረድ ሲጀምር አቁምና ለአንድ ደቂቃ ቁጠር፤ ስንት አገኘህ?» የሚሉ ትእዛዞች አሉበት፤ መልስ መጻፊያ ክፍት ቦታም አለው። ተማሪው ዝም ብሎ እንዲያይ አልፈልግም።

ማድረሻው ይቀላል። ፋይሎቹ ስኪል ላብ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ወደ ጥቂት ሜሞሪ ካርዶች ይገለበጣሉ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው በብሉቱዝና በዜንደር ይቀባበሉታል። ይህን ከኔ በላይ ያውቁበታል፤ ፊልም እንዲህ ነው የሚዛወረው። ቴሌግራም ላይም እጭነዋለሁ፤ ግን የደረሳቸው በዚያ ነው ብዬ አላስብም። ከመላኬ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ፦ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ ርካሹን ስልክ ተውሼ፣ ኔትወርኩን ዘግቼ፣ እያንዳንዱን ፋይል እከፍታለሁ። አንዴ የሠራሁት ጥያቄ ከኢንተርኔት ላይ የፊደል ቅርጽ ይጠብቅ ኖሮ ባዶ ሆኖ ተከፍቷል። ቢሮዬ ውስጥ በዋይፋይ ስሞክረው ግን ምንም አልነበረበትም።

ከባዱ ማድረሱ አይደለም፤ መልሱ ወደ እኔ የሚመጣበት መንገድ ነው። ተማሪው ቤቱ ሆኖ አስልቶ ተሳስቶ ከሆነ፣ ላብ ከመግባታችን በፊት ማወቅ አለብኝ። ለዚህ የማይተካው አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ኤስኤምኤስ፣ ነው። ዳታ አይፈልግም፤ የቁልፍ ስልክም ይበቃዋል፤ ኔትወርኩ ለደቂቃ ብልጭ ሲል ያልፋል። አንድ ጠባይ ብቻ አለው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ብዙ መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ ተማሪዎቹ መልሱን በኮድ ይልካሉ፦

```
D1 5 20 42
```

`D1` የጥያቄው መለያ ነው። 5 የተማሪው የመታወቂያ ቁጥር መጨረሻ ናት። 20 ማሸጊያው ላይ ያነበበው ነው፤ 42 ደግሞ ያገኘው መልስ። የፈሳሹ መጠን ለሁሉም አንድ አይደለም፦ 500 ሚሊ ሊትር ሲደመር የመታወቂያው መጨረሻ ቁጥር በ100 ተባዝቶ። መጨረሻዋ 5 የሆነች 1000 ይደርሳታል፣ 7 የሆነች 1200። ማሸጊያቸውም ስለሚለያይ መኮራረጅ ከመሥራት የበለጠ ያደክማል።

የተሳሳተ መልስ ከትክክለኛው የበለጠ ያስተምረኛል። ባለ 20 ይዞ 2500 የላከ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አልለወጠም፤ 1000ን በ20 አብዝቶ ለ8 አካፍሏል። 31 ከመጣ 15ን ከሌላ ሰው ወይም ከድሮው ቪዲዮ ወስዷል። 125 ግን ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል። 1000ን ለ8 ሰዓት ያካፈለ 125 ሚሊ ሊትር በሰዓት ያገኛል፤ ስሌቱን መሃል ላይ አቁሟል ማለት ነው። በሌላ በኩል ባለ 60 አይቪ ሴት የያዘ ተማሪ በትክክል አስልቶ 125 ጠብታ በደቂቃ ያገኛል፤ የጠብታው 60 ከሰዓቱ 60 ደቂቃ ጋር ይጣፋል። አንዱ ተሳስቷል፣ ሌላው ልክ ነው፤ መልሳቸው ግን አንድ ነው። ማሸጊያው ላይ ያነበቡትን ቁጥር በኮዱ ውስጥ የጨመርኩት ለዚህ ነው። `20 125` ከሆነ መሃል ላይ ቆሟል፤ `60 125` ከሆነ ገብቶታል።

መላኪያው አምስት ቀን ክፍት ነው። «እስከ እኩለ ሌሊት» የሚል ቀነ ገደብ ኔትወርክ ለሌለው ሰው ቅጣት እንጂ ሥርዓት አይሆንም። መላክ ያልቻለ በላቡ ቀን በወረቀት ይሰጠኛል። ለመልእክቶቹ የተለየ ሲም ካርድ መያዝም ግድ ነው፤ በራሴ ቁጥር የተቀበልኩ ጊዜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ሲስተር፣ 33 ነው ወይስ 34?» እየተባልኩ ተነሥቻለሁ። (33 ነው።)

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ የሚታየው ላብ ውስጥ ነው። 48 ተማሪ፣ ስድስት የግሉኮስ ማንጠልጠያና የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ አለን እንበል። በአንድ ማንጠልጠያ ስምንት ተማሪ ይደርሳል። በድሮው አሠራር ንድፈ ሐሳቡንና ስሌቱን ስናስረዳ 75 ደቂቃ ይሄዳል፤ በቀረው 105 ደቂቃ አንድ ተማሪ ዕቃውን የሚነካው ለ13 ደቂቃ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ቤት ከተሠራ 22 ደቂቃ ይደርሰዋል። በ13 ደቂቃ አንዴ ይሠራል፤ ከተሳሳተ ተራው አልፏል። በ22 ደቂቃ ተሳስቶ፣ ታርሞ፣ እንደገና ይሠራል። የቅይጡ ትርፍ ይኸው ሁለተኛ ሙከራ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ላይ ቪዲዮ የማያሳየው ነገር ይወጣል። ተማሪዋ 42 ላይ በጥንቃቄ አስተካክላ እፎይ ትላለች። ዕቃውን ለቃ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ቆይታ እንድትቆጥረው እነግራታለሁ፤ 36 ሆኗል። ለስላሳው ቱቦ ተሽከርካሪዋ የጨቆነችው ቦታ ላይ ቀስ እያለ ቅርጹን ይለውጣል፤ በሽተኛው ክንዱን ከፍ ሲያደርግ ወይም ከረጢቱ እየጎደለ ሲሄድም ፍጥነቱ ይለወጣል። ይህን ተናግሬላቸው አላመኑኝም ነበር። ራሳቸው ቆጥረው 36 ሲያገኙ ግን ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ መቁጠር ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

የማይፈታም አለ። ከላቡ መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ ግማሹ ክፍል ከወደቀ ቤት የተላከው አልተማረም ማለት ነውና ላቡን ትቼ ስሌቱን አስተምራለሁ። ይህ የሚሆንባቸው ሳምንታት አሉ፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ኮርስ ፈተና ያለበት ሳምንት ሆኖ ይገኛል። ሥራውም ከክፍል ትምህርት አይቀልም፤ የመጀመሪያውን ዝግጅት ያየ ኃላፊ «ክፍል ስለማትገቢ ሰዓትሽ ይቀነስ» ቢል አይገርመኝም።

ስለዚያች 31 የባሰው ግን ማረሟ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለ ስህተት በአንድ ቦታ ሲታረም ለሁሉም ይታረማል። በሜሞሪ ካርድ የሄደ ግን ከእጅ ወጥቷል፤ ከኔ ተማሪዎች አልፎ ሌላ ኮሌጅ ያሉ ጓደኞቻቸው ዘንድ ደርሷል። አሁን የእያንዳንዱ ፋይል ስም ቀን አለበት፤ ቪዲዮው ሲከፈትም ያው ቀን ለሦስት ሰከንድ በትልቁ ይታያል። ወረቀቱ ላይም ተመሳሳይ ቀን አለ፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቪዲዮው ይጣላል። ያኔ ግን ይህ ስላልነበረ ያለኝ 70 ፊደል ብቻ ነበር፦ «ክፍል 2 ተሽሯል፤ አጥፉት። 15ን አትጠቀሙ። ማሸጊያውን አንብቡ። አዲሱ ሐሙስ ላብ።» አዲሱ ቪዲዮ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ጨርሶ አልናገርም። እስከ ማካፈሉ አደርስና ዝም እላለሁ።

በሚቀጥለው ዙር እዚያው ዋርድ ስገባ አንዲት ተማሪ ከረጢት ይዛ ሳትሰቅል ቆማ አገኘኋት። አይቪ ሴቱን ሌላ ሰው ቀድሞ ከፍቶታል፤ ማሸጊያው ተጥሏል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ ሲስተር። ሳላነብ እንዴት አሰላለሁ?»

ወደ መደርደሪያው ሄዳ ከዚያው ካርቶን ሌላ ያልተከፈተ አወጣች፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አነበበችው። 20። ሰቀለች፣ አየሩን አስወጣች፣ ሰዓቷን አይታ 42 ላይ አቆመችው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ማንም ሳያስታውሳት ተመልሳ ስትቆጥር 37 ነበር፤ አውራ ጣቷን ተሽከርካሪዋ ላይ አድርጋ እንደገና መቁጠር ጀመረች።